የትኛው ቅጠል ነው?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አብሮኝ የዋለ የውጭ እንግዳ፣ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያነሳውን የክትባት ፖስተር በስልኩ አሳየኝ። ከላይ በትልቁ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ለልጅዎ ክትባት ጆሮ ዳባ ልበስ አይበሉ»።

አንድ ወዳጄ ቀደም ብሎ ቃል በቃል ተርጉሞለት ነበር። እንግዳው «ለልጆች የሚሰጠው የትኛው ቅጠል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። እውነቱን ነው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቅጠል ሲባል መድኃኒት ይመስላል። ተረቱ ግን እሳቱ ሳይዛመት፣ ገና በቅጠል መትቶ ማጥፋት ሲቻል ቅደም ነው የሚለው። ሥዕሉ ላይም እናት፣ ሕፃንና መርፌ እንጂ ቅጠል የለም። ፍንጩ እሱ ነበር።

እንግሊዝኛም ተቀራራቢ ተረት አለው፤ በጊዜዋ የተሰፋች አንዲት ስፌት ዘጠኝ ታድናለች ይላል። እሱንም ተውኩት። ክሊኒክ ውስጥ ስፌት ሲባል የሚታሰበው ቁስል ነዋ! «በሽታው ሳይመጣ ቀድመው ይከላከሉ» አልኩት፣ በተራ ቃል።

ዳባ የሚለበስ ቆዳ ነው። ጆሮን ዳባ ማልበስ፣ እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆን። እዚህ «ችላ አይበሉ» ይበቃል።

ቤት መምታቱ ግን ቀረ። ሳይቃጠል፣ በቅጠል... እሱን ለእንግዳዬ በድምፅ ደጋግሜ አሰማሁት።