የእንግሊዝ ባቡር ጣቢያ ሰሌዳን እንዴት እንደማነብ

ሰሌዳው ፊት ስቆም መጀመሪያ የምይዘው በቲኬቴ ጉዞ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባቡሩ የሚጠራው በመነሻ ሰዓቱ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይም ማስታወቂያው «የዘገየው የ14:32 ባቡር» ይለዋል እንጂ በአዲሱ ሰዓት አይጠራውም። አቆጣጠሩ ባለ 24 ሰዓት ነው፤ 14:32 በእኛ ከቀኑ 8:32 መሆኑ ነው።

ከበርሚንግሃም ኒው ስትሪት ወደ ዎልቨርሃምፕተን ትሄዳላችሁ እንበል። በሰሌዳው ዋና መስመር ላይ የከተማዋን ስም ላታገኙት ትችላላችሁ፤ እዚያ የሚጻፈው የመጨረሻው ጣቢያ ነው፣ ለምሳሌ «Liverpool Lime Street»። ዎልቨርሃምፕተን የሚገኘው «Calling at» ከሚለው በኋላ ባቡሩ የሚቆምባቸው ተብለው በሚዘረዘሩት ጣቢያዎች ውስጥ ነው።

ከሰዓቱ ጎን «On time» ካለ በሰዓቱ ነው። «14:47» ካለ 15 ደቂቃ ይዘገያል ብለው ገምተዋል። «Delayed» ብቻ ካለ ግን እንደሚዘገይ እንጂ መቼ እንደሚነሳ ግምት የለም ማለት ነው፤ ምናልባት ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ወይም ሠራተኛው አልደረሰም። ይህ ጽሑፍ ድንገት ወደ ቅርብ ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል ቡና ፍለጋ ከጣቢያው አልወጣም።

መዘግየት ሲመጣ ባቡሩ የሚቆምበት ፕላትፎርምም አብሮ ይናጋል፤ የታቀደለትን ቦታ ሌላ ባቡር ይዞት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው «ፕላትፎርም ኦልተሬሽን»፣ ማለትም የፕላትፎርም ለውጥ፣ ብሎ ከጀመረ ከዚያ በኋላ የማደምጠው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የእኔን 14:32 እና አዲሱን ቁጥር። ኒው ስትሪት ላይ 4a እና 4b የአንዱ ፕላትፎርም የተለያዩ ክፍሎች ስለሆኑ ፊደሉንም አያለሁ። በሮች ከመነሻው ሰዓት ቀድመው ይዘጋሉ፣ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ እስከ 2 ደቂቃ ድረስ፤ ስለዚህ ሮጬ የምደርስበትን ሰዓት ከዚያ አንጻር ነው የማሰላው። ከመግባቴ በፊት የፕላትፎርሙ ስክሪን ላይ 14:32 መጻፉን አረጋግጣለሁ፤ ቀድሞ የመጣው ባቡር የሌላ መስመር ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው «Terminates here» ነው። ስክሪኑ ላይ ከወጣ የሚገባው ባቡር ጉዞው እዚህ ያበቃል፤ ሰው ያወርዳል እንጂ አይጭንም። በሩ ክፍት ሆኖ ወንበሩ ባዶ ስለሚታይ መግባት ያጓጓል፣ ግን ባቡሩ ወደ ማደሪያው ሊሄድ ይችላል። ተመልሶ ሌላ ጉዞ የሚጀምርም ከሆነ ስክሪኑ ላይ አዲስ ሰዓትና መድረሻ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ባቡሩ ውስጥ ሆናችሁ ያንኑ ከሰማችሁ ደግሞ «ኦል ቼንጅ» ይከተላል፤ ሁላችሁም ውረዱ ማለት ነው። ጉዞው ከታሰበው ጣቢያ በፊት ከተቋረጠ ፕላትፎርሙ ላይ ያለ ሠራተኛ ቲኬቴ በየትኛው ቀጣይ ባቡር እንደሚያገለግል ስለሚነግረኝ ከመሳፈሬ በፊት እጠይቀዋለሁ።