ሦስቱም ቢጫ ሲሆኑ፦ ባጂን፣ ላቭበርድንና ኮካቲልን የምለይበት መንገድ

ባጂ፣ ላቭበርድና ኮካቲል በኬጅ የሚያዙ የበቀቀን ዘሮች ናቸው። አረንጓዴ ባጂ፣ ፊቷ የቀላ ላቭበርድና ግራጫ ኮካቲል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንም አይምታታበትም። የሚያስቸግረው ሦስቱም ቢጫ ሆነው ሲመጡ ነው። አርቢዎች «ሉቲኖ» የሚሏቸው፣ ጥቁሩ ቀለም ከላባቸው የጠፋ ወፎች በሦስቱም ዘር አሉ፤ ዐይናቸውም ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ ቀለሙን ትቼ መጀመሪያ መጠን፣ ቀጥሎ ጅራት፣ ጉንጭን ደግሞ በመጨረሻ አያለሁ።

መጠንን ባለቤቱ ከሚልክልኝ ፎቶ ላይ በዓይን መገመት አይቻልም። መለኪያ የማደርገው የኬጁን ሽቦ ነው። ሽቦዎቹ አግድም የተዘረጉ ከሆኑ ባለቤቱ ከአንዱ ሽቦ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለካልኛል። ለምሳሌ ርቀቱ 1.2 ሴንቲሜትር ሆኖ ወፏ ከአናቷ እስከ ጅራቷ ጫፍ 15 ክፍተት ከሸፈነች ርዝመቷ 18 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይህ የሚሠራው ወፏ ሽቦውን ተጠግታ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ራቅ ካለች ወይም ጎንበስ ካለች ከእውነተኛው ርዝመቷ አንሳ ትታያለች።

ኮካቲል ከ30 እስከ 33 ሴንቲሜትር ትደርሳለች። ጅራቷ ሙሉ ከሆነ 18 ሴንቲሜትር የለካናት ወፍ ኮካቲል ልትሆን አትችልም። ባጂ ግን 18 ገደማ፣ ላቭበርድ ደግሞ እንደ ዝርያዋ ከ13 እስከ 17 ሴንቲሜትር ስለሆነች በአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት ሁለቱን እለያለሁ ማለት አይቻልም። እዚህ ላይ ነው ጅራት የሚያስፈልገው።

ጅራትን ከጎን አያለሁ፤ ዋናው ጥያቄ ክንፏ ሲታጠፍ ጫፉ የት ይደርሳል የሚለው ነው። የላቭበርድ ጅራት አጭርና ድፍን ስለሆነ የክንፏ ጫፍ ወደ ጅራቷ መጨረሻ ይጠጋል። የባጂ ጅራት እየቀጠነ ሄዶ ከክንፏ ጫፍ በደንብ ያልፋል። የኮካቲል ጅራት ከጠቅላላ ርዝመቷ ግማሽ ያህሉን ይይዛል።

ችግሩ ጅራት ይሰበራል፤ ላባ በመጣል ወቅትም ይወድቃል። ኮካቲሎች በተለይ ሌሊት ደንግጠው ከሽቦው ጋር ሲላተሙ ረጃጅም ላባዎቻቸውን ያጣሉ። ጅራቷ የወለቀ ኮካቲል ወደ 16 ሴንቲሜትር ትወርድና በቁመት ከላቭበርድ ጋር ትመሳሰላለች። ያኔ ጉትዬዋን እፈልጋለሁ፤ ስትረጋጋ ወደ ኋላ ብታስተኛውም ጫፉ ከማጅራቷ በላይ ቀና ብሎ ይቀራል። ጅራቷን ያጣች ባጂ ደግሞ የምትለየው በምንቃሯ ነው። የባጂ ምንቃር ትንሽ ሆኖ በፊቷ ላባ ውስጥ ይቀበራል፣ የላቭበርድ ግን ለሰውነቷ ትልቅ ነው፤ ወደ ፊት ይወጣል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካለ የበለጠ ይረዳል፦ ባጂ በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ግራም፣ ኮካቲል ከ80 እስከ 100 ግራም ትመዝናለች።

ጉንጭን በመጨረሻ የማየው በእርባታ በቀላሉ ስለሚለወጥ ነው። ቢጫ ኮካቲል ከዐይኗ በታች፣ ጆሮዋ ላይ፣ ክብ ብርቱካናማ ምልክት አላት። ባጂ በተለመደው ቀለሟ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የጉንጭ ምልክትና በጉሮሮዋ ጥቁር ነጠብጣቦች ይኖሯታል፤ በሉቲኖዋ ግን ነጠብጣቦቹ ይጠፉና ጉንጯ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ይቀራል። በኬጅ በብዛት የምትታየው ቀይ ፊት ላቭበርድ ደግሞ የጉንጭ ምልክት የላትም፤ ቅላቱ ከግንባሯ እስከ ጉሮሮዋ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። የላቭበርድ ሁሉ ፊት ግን ቀይ አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋ ቦታዎች የምትበረው ጥቁር ክንፍ ላቭበርድ ወንዱ ግንባሩና የዐይኑ ዙሪያ ብቻ ቀይ ነው፣ የሴቷ ፊት አረንጓዴ ነው። በጉንጭ የጀመረ ሰው ሴቷን ባጂ ይላታል፤ አጭር ጅራቷንና ቀይ ምንቃሯን ያየ ግን አይስትም።

ወደ 18 ሴንቲሜትሯ ወፍ ስንመለስ፦ ጅራቷ ከክንፏ አልፎ ቀጥኖ ካለቀ፣ ምንቃሯም የተቀበረ ከሆነ፣ ባጂ ናት። ቀጣዩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጾታ ነው። በአፍንጫዋ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ቆዳ በተለመደ ወንድ ባጂ ሰማያዊ ይሆናል፤ በሉቲኖ ወንድ ግን ሲጎለምስም ሮዝ ወይም ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል። ሰማያዊ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ወንዱን ሴት ነው ብሎ ይሸጠዋል። የጎለመሰች ሴት ቆዳዋ ቡናማና ሻካራ ይሆናል።

ወፏ ከቢጫ አልፋ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነች ጉንጭ ምንም አይነግረንም፤ ነጭ ፊት የሚባሉት ኮካቲሎች ብርቱካናማው ምልክት ጭራሽ የላቸውም። ለእነሱ ጉትዬና ርዝመት ይበቃል።