ሱቄን ሳዛውር ለኢንሹራንሱ እንዴት እንዳሳወቅኩ

ሱቅ ልቀይር ስል ሰው ሁሉ "ኢንሹራንስ አለህ አይደል ምን ያስጨንቅሃል" ይለኝ ነበር፣ ግን የእሳት ፖሊሲ ዕቃውን ተከትሎ አይሄድም እኮ። ሽፋኑ ያለው ፖሊሲው ላይ በተጻፈው አድራሻ ነው። ዕቃው ሌላ ህንጻ ከገባ በኋላ ቢቃጠል፣ ኢንሹራንሱ ቀድሞ ተስማምቶ ኢንዶርስመንት (የፖሊሲ ማሻሻያ ወረቀት ማለት ነው) ካላወጣ ክሌሙ፣ ማለትም የካሳ ጥያቄው፣ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አዲሱን ኪራይ እንደተዋዋልኩ አንድ ካርቶን ሳይነሳ ደብዳቤ አስገባሁ፣ ኮፒው ላይም ገቢ ማህተም አስመታሁ። የፖሊሲ ቁጥሩን፣ ሁለቱን አድራሻዎች፣ ዕቃ ማጓጓዝ የምጀምርበትንና የምጨርስበትን ቀን፣ የአዲሱ ህንጻ ግድግዳና ጣሪያ ከምን እንደተሰራ፣ ጎረቤት ያለው ምን እንደሚሰራ ሁሉ ጻፍኩ። ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ነው። አንድ ወዳጄ "እሱን ተወው ፕሪሚየም ይጨምሩብሃል" አለኝ፣ ለኢንሹራንሱ የምከፍለውን ማለቱ ነው፣ እውነትም ትንሽ ጨመሩ፣ ግን ገምጋሚ ልከው ማየታቸው አይቀርም፣ ባያዩም ደግሞ ከቃጠሎ በኋላ "ደብቀሃል" ብለው ካሳ ከሚከለክሉኝ አሁን ብከፍል ይሻለኛል።

ዋናው ጣጣ የመሸጋገሪያው ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ግማሹ ዕቃ እዚያ ግማሹ እዚህ ነበር። መጀመሪያ የላኩልኝ ኢንዶርስመንት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የድሮውን አድራሻ ሰርዞ አዲሱን ብቻ ይላል፣ ማለትም ገና ያልተነሳው ዕቃ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው! መለስኩላቸውና "እስከዚህ ቀን ድረስ በሁለቱም አድራሻ፣ ጠቅላላው ፖሊሲው ላይ ከተጻፈው የሽፋን መጠን ሳይበልጥ" ብለው አስተካከሉት። መኪና ላይ እያለ የሚደርሰውን ደግሞ ፖሊሲዬ አይሸፍንም ስላሉኝ ለዚያ ለብቻው የጉዞ ሽፋን ገዛሁ።

የድሮው ቤት የራሴ ስለሆነ ባዶ መቆየቱንም በዚያው ደብዳቤ ነገርኳቸው። ብዙ ፖሊሲ ላይ ቤት በተከታታይ 30 ቀን (አንዳንዱ 60 ይላል) ሰው ካልተጠቀመበት ሽፋኑ ይቋረጣል ወይ ይቀንሳል፣ ያንተ ስንት እንደሚል ራስህ አንብበው። ሁለት መደርደሪያ ትቶ መሄድ ደግሞ "ስራ ላይ ነው" አያሰኝም። የእሳቱን ሽፋን ተዉልኝ፣ የስርቆቱንና የውሃ ጉዳቱን ግን አወጡት፣ በዛ ላይ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ፤ ውሃ ከዋናው ቧንቧ ይዘጋ፣ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፣ ካርቶንና ቆሻሻ ይጠረግ፣ በየሳምንቱ ሰው ገብቶ ይይ። የሚያየው ልጅ ቀንና ፊርማ የሚያሰፍርበት ደብተር በሩ ጀርባ ሰቅያለሁ፣ ምክንያቱም ክሌም ሲመጣ አይተናል ብሎ ማውራት ብቻ አይበቃም፣ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

አሁን ተከራይ እያናገርኩ ነው፣ ሲገባ እንደገና መጻፍ አለብኝ፣ እሱ የሚሰራው ስራ ፕሪሚየሙን ከፍም ዝቅም ሊያደርገው ይችላላ።