የካቲት የለካሁት ውሃ ክረምት ላይ ከፍ ብሎ ጠበቀኝ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ላለ ጂ ፕላስ ፎር ሕንፃ መሠረት ዲዛይን እያደረግሁ ነበር። የመሃለኛው ኮለን 900 ኪሎ ኒውተን ያወርዳል። ቦርሆሉ የተቆፈረው የካቲት ነው። አፈሩ አሸዋ፣ የግጭት አንግሉ 30 ዲግሪ፣ ውሃው 2.5 ሜትር ላይ። የኮለኑን ጭነት ወደ አፈሩ የሚያስተላልፈውን የኮንክሪት ግርጌ፣ ፉቲንጉን፣ 2 ሜትር በ 2 ሜትር አድርጌ 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ አስቀመጥኩት።

የተጠቀምኩት አፈሩ ሳይከሽፍ የሚሸከመውን ከፍተኛ ጫና `qu` የሚያሰላውን የቴርዛጊን ቀመር ነው። ንጹህ አሸዋ መጣበቅ ስለሌለው የቀመሩ የመጣበቅ ክፍል ዜሮ ሆኖ ይወድቃል። ለካሬ ፉቲንግ የሚቀረው ይህ ነው፦

```
qu = q·Nq + 0.4·γ·B·Nγ
```

`q` ከፉቲንጉ ግርጌ በላይ ያለው አፈር የሚያሳድረው ጫና፣ `γ` ከግርጌው በታች ያለው አፈር ክብደት በሜትር ኩብ፣ `B` የፉቲንጉ ስፋት ነው። `Nq` እና `Nγ` ከግጭት አንግሉ የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። ለ 30 ዲግሪ `Nq` 22.5፣ `Nγ` ደግሞ 19.7 ናቸው። አፈሩ ከውሃ በላይ በሜትር ኩብ 17 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ውሃ ሲጠግብ 19 ይሆናል፤ ውሃው ወደ ላይ ስለሚያነሳው ግን በቀመሩ ውስጥ የሚገባው 19 ሲቀነስ 9.8፣ ማለትም 9.2 ብቻ ነው።

ውሃው ከግርጌው 1 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ማለትም ከስፋቱ ባነሰ ርቀት ላይ ስላለ ሁለተኛውን ክፍል ይነካዋል። ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አማካይ 13.1 ወሰድኩ። `q` ደግሞ 1.5 በ 17፣ 25.5 ሆነ። ውጤቱ ወደ 780 ኪሎ ፓስካል መጣ። የተቆፈረውን አፈር ጫና 25.5 ቀንሼ ለደህንነት ሲባል ለ 3 ሳካፍለው የሚፈቀደው የተጣራ አቅም 251 ሆነ። በ 4 ካሬ ሜትር ሲባዛ ከ 1000 ኪሎ ኒውተን ያልፋል። ለ 900 በቂ ነው ብዬ ስሌቱን አስረከብኩ።

አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ነሐሴ ላይ ውሃው የት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሳይቱ ላይ ተመልሼ ስሄድ ከጎረቤት ግቢ የእጅ ጉድጓድ አገኘሁ። ዘበኛው «ክረምት ላይ ገመድም አያስፈልገኝ፣ ተንበርክኬ በጆግ ነው የምቀዳው» አለኝ። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የውሃው ምልክት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ከመሬቱ ወለል ለካሁት፤ ግማሽ ሜትር ነው።

እንደገና ሠራሁት። አሁን ውሃው ከፉቲንጉ ግርጌ በላይ ነው። `q` ማለት 0.5 በ 17 ሲደመር 1.0 በ 9.2፣ ይኸውም 17.7 ነው። ሁለተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ በ 9.2 ይሰላል።

```
qu = 17.7×22.5 + 0.4×9.2×2×19.7
   = 398 + 145 = 543 kPa
```

17.7 ተቀንሶ ለ 3 ሲካፈል 175 ነው። በ 4 ካሬ ሜትር 700 ኪሎ ኒውተን። ኮለኑ 900 ይዞ ይጠብቃል። አይበቃም።

እኔን የገረመኝ ኪሳራው ከየት እንደመጣ ነው። ውሃ የሚጎዳው ከፉቲንጉ በታች ያለውን አፈር ነው ብዬ አስብ ነበር። ከጠፋው 237 ኪሎ ፓስካል ግን 175 ያህሉ የሄደው ከመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ከግርጌው በላይ ካለው አፈር ነው። ያ አፈር ጎንና ጎን ሆኖ አሸዋው ወደ ላይ እንዳይፈነዳ የሚጫነው ነው። ውሃ ሲገባበት ክብደቱን ያጣል፤ የጠፋችው እያንዳንዷ ኪሎ ፓስካል ደግሞ በ 22.5 ትባዛለች። ስለዚህ ውሃው ከግርጌው በታች እያለ የሚወርደው አቅም መጠነኛ ነው። ግርጌውን አልፎ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ስፋቱን 2.3 ሜትር ሳደርገው በመሸከም አቅም በኩል አለፈ፤ 965 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ይይዛል። አሸዋ ላይ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። የአሸዋውን ጥቅጥቅነት በመዶሻ ምት ብዛት በሚለካው በኤስፒቲ ፍተሻ የተመዘገበው ቁጥር 8 ነበር፤ ልቅ የሚባል አሸዋ ነው። መስመጡ ከ 25 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ስፈትሸው የሚፈቀደው ወደ 155 ኪሎ ፓስካል ወረደ፤ 2.3ቱም ወደቀ። መጨረሻ ላይ 2.5 ሜትር ላይ ቆምኩ። ፉቲንጉን ጠለቅ እናድርገው ያለም ነበር። ቁጥሩ ላይ ያምራል፣ ቁፋሮው ግን ውሃ ውስጥ ይገባል።

ቁፋሮው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ውሃውን ከጉድጓዱ መሃል በፓምፕ ስትስብ ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ፍሰት አሸዋውን ይፈታዋል። ያኔ 30 ዲግሪ ብለህ ያሰላኸው አፈር እዚያ የለም። ቦት ጫማህ ግርጌው ላይ ከሰጠመ ወይም አሸዋው እንደ ገንፎ ከፈላ፣ ስሌቱን ትተህ ፓምፑን አስቁም። እኛ ቁፋሮውን ወደ ጥር ገፋነው። የፓምፑን ጉድጓድም ከፉቲንጉ ውጭ፣ ከግርጌው ዝቅ አድርገን አስቆፈርን።