የልቧ ድምፅ ሲጠፋ

«ዶክተር፣ ልጄ ስታለቅስ ትጠቁራለች።»

እናትየዋ ያለችኝ ይህንን ብቻ ነው። ሰማያዊ አላለችም። የሕክምና መጽሐፍ «ሰማያዊ ሕፃን» ይላል፤ እኛ አገር ግን ብዙ እናቶች የሚሉት «ከንፈሯ ይጠቁራል» ነው። ያኔ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ቃሉን ሰምቼ አለፍኩት፤ የመጀመሪያው ስህተቴም ይኸው ነበር።

ልጅቷ የአራት ወር ናት። ክብደቷ 5 ኪሎ። እናቷ ጭን ላይ ጸጥ ብላ ስትተኛ የኦክሲጅን መለኪያው 84 በመቶ ያሳያል። ደረቷ ላይ ማዳመጫዬን ሳሳርፍ ከግራ በኩል ኃይለኛ ማጉረምረም ሰማሁ። ደም በጠባብ ቦታ ሲያልፍ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር ሊሆን እንደሚችል ጠረጠርኩ። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1888 ስለ እሱ ከጻፈው የማርሴዩ ሐኪም ከፋሎ ነው። የበሽታውን አራት ጉድለቶች ለፈተና በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ ሁለቱን የታችኛ የልብ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ መጥበብ፣ ደም ወደ ሰውነት የሚያወጣው ትልቁ ቧንቧ አኦርታ ቀዳዳው ላይ መቀመጡ፣ የቀኙ የታችኛው ክፍል ጡንቻ መወፈሩ። እንደ ስልክ ቁጥር አወርዳቸዋለሁ፤ እንዴት እንደሚያያዙ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ደም ልወስድ ተነሳሁ። መርፌው ሲነካት አለቀሰች። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፣ ሁለተኛውም አልተሳካም። ለቅሶው በዚያው ቀጠለ። ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ሆነ። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ምላሷም ጠቆረ። መለኪያው 60፣ ቀጥሎ 45 አለ። ደንግጬ ደረቷን አዳመጥኩ። ያ ኃይለኛ ማጉረምረም የለም! ለአፍታ «ድምፁማ ተሻለው» ብዬ አሰብኩ። ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ያዳነችን የክፍሉ ሲስተር ናት። መርፌውን ከእጄ ነጠቀችኝ ማለት ይቻላል። «ነይ እናቷ፣ እቀፊያት» አለችና ልጅቷን የእናቷ ትከሻ ላይ አደረገቻት። ሁለቱን ጉልበቶቿን አጥፋ ደረቷ ድረስ ገፋቻቸው። ኦክሲጅኑን አፏ ላይ ሳትጫን በአጠገቧ ያዘችላት። ለኔ ደግሞ «ዶክተር፣ ሞርፊን» አለችኝ። በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ስለሆነ ለሷ 0.5 ሚሊግራም ከቆዳዋ ሥር ሰጠናት። ጥቂት ቆየት ብሎ ትንፋሿ ረገበ። የደም ሥር ሲገኝም 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀስ ብለን ሰጠናት። መለኪያው ወደ 70፣ ከዚያ ወደ 80 ወጣ። ደረቷን ሳዳምጥ ማጉረምረሙ ተመልሷል።

ያን ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የድምፁ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ወረቀት አወጣሁና ልቡን ከዜሮ ጀምሬ መሣል ጀመርኩ።

ነገሩ የገባኝ ኮምፔርሳቶ ሳስብ ነው። አንድ የኪራይ ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ይከፈል እንበል። አናጢው መሐሉን ስቶ ግድግዳውን ወደ አንድ ወገን አስጠግቶ ቢተክለው አንዱ ክፍል ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል። ግድግዳው ከሥሩ ካለው ጋር ስለማይገጥም ታች ክፍተት ይቀራል። ልቡም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ ወደ ሳንባ የሚሄደውን መንገድና አኦርታን የሚለየው ግድግዳ ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ የሳንባው መንገድ ይጠባል። አኦርታ ሰፍቶ በሁለቱ የታችኛ ክፍሎች ላይ ተንፈራጥጦ ይቀመጣል። ግድግዳው ሊዘጋው የነበረው ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አራተኛው፣ የጡንቻው መወፈር፣ ከጠባብ በር ጋር የሚታገል ልብ የሚያመጣው ውጤት ነው። አራት ጉድለት ብዬ በቃሌ የያዝኩት የአንድ ግድግዳ መሸሽ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ከሰውነት የተመለሰው ኦክሲጅን ያነሰው ደም በቀኙ ክፍል ሲገፋ ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው ጠባቡ የሳንባ መንገድ ነው። ሁለተኛው በቀዳዳው በኩል ያለው ሰፊው አኦርታ ነው። ደም የሚቀለውን ይመርጣል። ልጅቷ ስትረጋጋ የተወሰነው ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ የተወሰነው ኦክሲጅን ሳይዝ ወደ ሰውነት ያመልጣል። ለዚህ ነው 84 የሆነችው።

ታዲያ ስታለቅስ ምን ተለወጠ? ቀዳዳው አልሰፋም። የተለወጠው ጠባቡ መንገድ ነው። ከሳንባው ቫልቭ ሥር ያለው ቦታ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ይጨመቃል። ለቅሶና ድንጋጤ አድሬናሊን ያመጣሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ መንገዱ ይበልጥ ይጠባል። በዚህ ላይ ጥልቁ ትንፋሽ ከሰውነት ብዙ ደም ስቦ ወደ ቀኙ ክፍል ያመጣል። በሩ ጠቧል፣ ሰልፉ ረዝሟል። የመጣው ደም በቀዳዳው አልፎ ወደ አኦርታ ይነጉዳል። የኦክሲጅኑ ማነስ የአንጎልን የትንፋሽ ማዕከል ይቀሰቅሰዋል፤ ልጅቷ ይበልጥ ትተነፍሳለች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ደም ይስባል። ዙሩ ይከርራል።

ድምፁ ለምን እንደጠፋም በዚያው ገባኝ። ማጉረምረሙ የሚመጣው ከቀዳዳው አይደለም። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ደም በጸጥታ ያልፍበታል። የሚጮኸው ጠባቡ የሳንባ መንገድ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም እያለቀ ነው ማለት ነው። እኔ ተሻላት ያልኩት በጣም የከፋባት ሰዓት ላይ ነበር።

የጉልበቱ ማጠፍም ትርጉም አገኘ። እግር ሲታጠፍ የእግሩ ደም ቧንቧዎች ይጫናሉ፣ በአኦርታ በኩል መውጣት ይከብዳል። ያኔ ደሙ ተገዶ ጠባቡን መንገድ ይሞክራል። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም ይቀንሳል። በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ያልታከሙ ልጆች ሲሮጡ ድንገት ቁጢጥ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ማንም ሳያስተምራቸው። ኦክሲጅን ብቻውን ብዙም የማይፈይደውም ደሙ ሳንባ ስለማይደርስ ነው።

በማግስቱ እናትየዋን እንደ አዲስ ጠየቅኳት። በጥድፊያ ያለፍኩትን ሁሉ ነገረችኝ። ብዙ ጊዜ የሚነሳባት ጠዋት ስትነቃ ነው፤ ጡት ጠብታ ወይም ካካ ብላ ስታምጥም ይመጣል። አንድ ሰው «ሲያለቅሱ ትንፋሽ የሚይዛቸው ልጆች አሉ፣ ያልፋል» ብሏት ነበር። ልዩነቱን ያኔ ነው በደንብ የያዝኩት። ትንፋሽ የሚይዘው ልጅ አልቅሶ ትንፋሹ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። የፋሎ በሽታ ያለበት ልጅ ግን እየጠቆረ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ዛሬ ለእናቶች የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስትጠቁር ትተነፍሳለች ወይስ አቆመች?» ነው። ምላስና ድድ ማየትንም አልዘልም፤ በጠይም ቆዳ ላይ ከንፈር ብቻውን ያታልላል።

የደም ውጤቷ ሌላ ነገር ነገረን። ሄሞግሎቢኗ 9.8 ነበር። ኦክሲጅን የሚያንሰው ልጅ ደሙ ወፈር ማለት ሲገባው የሷ ቀጥኗል። የብረት እጥረት እንዲህ ያለውን መጥቆር ያባብሰዋል፤ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ ኦክሲጅኑ ወርዶም ቶሎ አይጠቁርም። ብረትና የልብ ምቱን የሚያረጋጋው ፕሮፕራኖሎል ተጀመረላት። የልብ አልትራሳውንዱም ፋሎ መሆኑን አረጋገጠ። ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዝንላት፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው፣ መንገዱንም የሚያሰፋው እሱ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት እናትየዋ ተመለሰች። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነስቶባታል። «እግሯን አጥፌ ያዝኩ፣ ቀላች። ስለቀው ተመልሳ ጠቆረች። ደግሜ አጠፍኩት፣ እስክትተኛ አልለቀቅኩም።» ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ ይዛት መጥታለች። መድኃኒት እየወሰደች ከተነሳባት ቀጠሮዋን መጠበቅ አያዋጣም። ስልኩን አነሳሁና ለቀዶ ሐኪሙ ደወልኩ።