ጋውኗን አውልቃ የምትገባ ነርስ

ጎንደር፣ ሐሙስ ማታ

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ነው የዋልኩት። ክሊኒካችን የማኅበረሰብ ጤና ነርስ ሊቀጥር ነው። እስከ ዛሬ ያልነበረን መደብ ነው። አስተዳዳሪያችን ሰኞ ጠዋት ጠራኝና "ሲስተር፣ የሥራ መዘርዝሩንና ተፈላጊ ችሎታውን አንቺ አዘጋጂው። ዓርብ ማስታወቂያ እናወጣለን" አለኝ። እንዲቀለኝ ብሎ ከሌላ ቦታ ያገኘውን ናሙናም ሰጠኝ።

ናሙናውን አነበብኩት። የተኝቶ ታካሚ ክፍል ነርስ መዘርዝር ነው። የተቀየረው ከላይ ያለው የመደብ መጠሪያ ብቻ ነው። አልጋ ማዘጋጀት አለበት፣ ከሐኪም ጋር ራውንድ መዞር አለበት፣ የሌሊት ተረኝነት አለበት። በር ማንኳኳት የሚል የለበትም።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት አዘዞ አካባቢ አራት ዓመት ቤት ለቤት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ናሙናውን ወደ ጎን አድርጌ በንጹሕ ወረቀት ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ግዴታዎችን አልነበረም። አንዲት ነርስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ቤት መግባት እንደምትችል ነው ያሰላሁት።

አንድ ጉብኝት ቤት ውስጥ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የእግር መንገዱ 20 ደቂቃ ነው፤ የጎንደር ዳገት ያውም ሲቀለን ነው። መዝገብ መጻፉ ደግሞ 10። በድምሩ 70 ደቂቃ። ጠዋት ካርድ ለማውጣትና ቦርሳ ለማዘጋጀት አንድ ሰዓት ስንቀንስ ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ሰባት ይቀራል። በወረቀት ላይ ስድስት ቤት ይወጣዋል። ግን የተዘጋ በር አለ፣ ገበያ የሄደች እናት አለች፣ "ቡና ሳትጠጪ አትሄጂም" የሚሉ እሜቴ አሉ። እኔ አምስት ብዬ ያዝኩ። በሳምንት አራት ቀን ብትወጣ 20 ቤት ነው፤ በወር 80። አምስተኛው ቀን ለሪፖርትና ለስልክ ይሆናል።

ከዚያ የራሳችንን መዝገብ ገለጥኩ። ደም ግፊትና ስኳር ኖሮባቸው ክሊኒክ ድረስ መምጣት የሚከብዳቸው 30 ሰዎች አሉን። በየወሩ አንዴ ይታያሉ ብንል 30 ጉብኝት ነው። በአማካይ በወር 12 እናቶች ይወልዱልናል። ከወለዱበት ቦታ ከወጡ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት ቤታቸው ይታዩ ካልን 36 ነው። ድምሩ 66። የቀሩት 14 ጉብኝቶች የቲቢ መድኃኒት ያቋረጡትንና ልጃቸውን ለክትባት ያላመጡትን ለመፈለግ ናቸው። ወሩ አለቀ።

አስተዳዳሪያችን ግን በማስታወሻው ላይ "በሦስት ቀበሌዎች ያሉ ቤቶችን ሁሉ በየወሩ ትጎበኛለች" ብሎ ነበር። ስሌቱን ይዤ ቢሮው ገባሁና አሳየሁት። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ቁጥሮቹን ደጋግሞ አያቸው። እያንዳንዱን ቤት የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። የእኛ ነርስ ስማቸው መዝገባችን ላይ ያለ ሰዎች ጋ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ያችን መስመር አወጣንና በምትኩ "በየ2 ሳምንቱ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ዝርዝሯን ታመሳክራለች" የሚለውን አስገባን። ካልተመሳከረ አንዲት አራስ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ባለሙያ ይገባል፤ ከጎኗ ያለችው አራስ ጋ ደግሞ ማንም አይደርስም። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ በአገራችን ማንኛውም የሥራ መዘርዝር መጨረሻ ላይ የምትገኝ አንዲት መስመር አለች። "ሌሎች በቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ተግባራትን ያከናውናል።" ይህቺ መስመር ቤት ለቤት የምትሠራ ነርስን ትበላታለች። መድኃኒት ቤት ሰው ሲጎድል እሷ ትገባለች። ካርድ ክፍል ሲጨናነቅ እሷ ትጠራለች። ምክንያቱም የእሷ ታካሚዎች ኮሪደር ላይ ተሰልፈው አይታዩም፤ ቤታቸው ነው የሚጠብቁት። እኔ መስመሯን ማውጣት ፈልጌ ነበር፤ አስተዳዳሪያችን እምቢ አለ። ተከራክረን "በሳምንት ከግማሽ ቀን ያልበለጠ" የሚል ጨመርንባት። ለእኔ በወረቀቱ ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ ናቸው።

የማትሠራውንም ጻፍኩ። አዲስ መድኃኒት አትጀምርም፣ መጠን አትቀይርም። ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ካገኘችው፣ ታካሚው አምስት ደቂቃ አርፎ በድጋሚ ሲለካም ካልወረደ፣ በዚያኑ ቀን ትልካለች። ጡት መጥባት ያቆመ፣ ያተኮሰው ወይም ያንቀጠቀጠው ጨቅላ ካየች ነገ አትልም። ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትሆን "ይሄን እኔው ልሞክረው" የሚል ፈተና አለ። ዘመዶች ይለምናሉ፣ ታክሲ የለም ይላሉ። ያኔ መዘርዝሩ ከጀርባዋ እንዲቆምላት ነው።

ማክሰኞ ወደ ተፈላጊ ችሎታው ዞርኩ። ናሙናው "2 ዓመት የሆስፒታል ልምድ፣ ሞተር ብስክሌት መንዳት የሚችል፣ ምስጢር ጠባቂ" ይላል። ሠንጠረዥ ሠራሁ። አንደኛው ዓምድ ግዴታ፣ ሁለተኛው ተመራጭ፣ ሦስተኛው ደግሞ "በምን ይታያል" የሚል ነው። በምን እንደሚታይ መጻፍ ያቃተኝን መስፈርት አወጣለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

የሆስፒታል ልምድ ወደቀ። ያስቀመጥኳቸውን ተግባራት አንድ በአንድ ብሄድባቸው ሆስፒታል መሥራትን የሚጠይቅ አንድም የለም። ግን ዜሮ ዓመትም አላልኩም። ሆስፒታል ውስጥ የደነገጠች ጀማሪ ነርስ ዞር ብላ ሰው ትጠራለች። ቤት ውስጥ የምትጠራው ሰው የለም። ስለዚህ "በጤና ጣቢያ፣ በክሊኒክ፣ በሆስፒታል ወይም ቤት ለቤት ቢያንስ 1 ዓመት የሠራች ወይም የሠራ" ብዬ አሰፋሁት። የነርሲንግ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማና የታደሰ የሙያ ፈቃድ ግዴታ ናቸው፤ በማስረጃ ይታያሉ። ግፊት በትክክል መለካትም ግዴታ ነው፤ ፈተናው ላይ መሣሪያውን እንሰጣቸዋለን። ታካሚውን ሳያሳርፍ፣ ክንዱን በልብ ትክክል ሳያሳርፍ የለካ ሰው ያስታውቃል።

ሞተር ብስክሌቱ ስንት ሰው እንደሚያስቀር አሰብኩ። የማውቃቸውን ጎበዝ ነርሶች በልቤ ቆጠርኩ፤ ሞተር የሚነዳ አንድ ብቻ መጣልኝ። እኛ የምንሠራባቸው ሰፈሮች በእግርና በባጃጅ የሚደረሱ ናቸው። "ወደተመደበበት ሰፈር በእግርም በትራንስፖርትም መድረስ የሚችል፤ የትራንስፖርት ወጪውን ክሊኒኩ ይሸፍናል" ሆነ።

ምስጢር ጠባቂ በሚለው ላይ ግን ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ማንም አመልካች ምስጢር አልጠብቅም አይልም። በምን ይታያል?

አንድ ቀን የሆነውን እዚህ ልጻፈው። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን የያዘ ወጣት አንድ ሳምንት ቀረ። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ ሁለት ወር በተከታታይ ከጠፋ ክትትሉ እንደተቋረጠ ይመዘገባል። እዚያ ሳይደርስ ላግኘው ብዬ ሄድኩ። ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ነው። ግቢው ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ አከራይዋና ጎረቤቶቹ ተቀምጠዋል። "ሲስተር፣ ማንን ፈልገሽ ነው?" አሉኝ። ስሙን ጠራሁ። "ውይ፣ ምን ሆነ?" አሉ። "መድኃኒት አቋርጦ ነው" አልኩ። ሦስት ቃል። የቲቢ የሚል አልወጣኝም። ግን አከራይዋ ሲሳል ይሰሙታል፣ እኔ ደግሞ ጋውን ለብሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ አላገኘነውም።

ያ ልጅ አሁንም ከፊቴ አይጠፋም። ምስጢር ያወጣሁ አልመሰለኝም ነበር። ምስጢር በሽታውን መናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ "ምስጢር ጠባቂ" የሚለውን ቃል ሰረዝኩና በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ "በታካሚው ግቢ ውስጥ ለሌላ ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ መድኃኒቱ ወይም ስለ ቀጠሮው ፍንጭ ሳትሰጥ ታካሚውን ማግኘት ትችላለች።" በምን ይታያል በሚለው ስር የቃለ መጠይቁን ጥያቄ አስቀመጥኩ። ያንኑ ግቢ፣ ያንኑ ቡና። አመልካቿ ምን ለብሳ ትሄዳለች? ምን ትመልሳለች? ሰውየው ከሌለ ምን ትታ ትወጣለች?

ነጥብ አሰጣጡንም አብሬ ወሰንኩ፣ ማንን እንደምንወድ ከማወቃችን በፊት። ጋውን አውልቃ፣ ቀድማ ደውላ የምትሄድ አንድ ነጥብ። ስሟን ብቻ ተናግራ መቼ እንደሚመለስ የምትጠይቅ አንድ። ወረቀትም መልእክትም ሳትተው የምትወጣ አንድ። "ዘመዱ ነኝ እላለሁ" የምትል ነጥብ አታገኝም። እውነተኛ ዘመዱ ሲመጣ ይጋለጣል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው አያምናትም።

ትናንት ማታ ረቂቁን ጎረቤታችን ለሆኑ ጡረተኛ ሲስተር ወሰድኩላቸው። መምህሮቻቸው የድሮዎቹ ኮሚዩኒቲ ነርሶች ነበሩ። እዚህ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከጤና መኮንንና ከሳኒታሪያን ጋር የኮሚዩኒቲ ነርስም ያሠለጥን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

"ልጄ፣ ይህቺ ልጅ የት እንዳለች ማን ያውቃል?" አሉኝ።

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ከቤት ቤት ስትዞር ነዋ። ውሻ ቢነክሳት፣ ጠበኛ ቢያጋጥማት ማን ይፈልጋታል? እናንተ እሷ በሽተኛ እንድትፈልግ ጽፋችኋል። እሷን የሚፈልግ ሰው አልጻፋችሁም።"

አፍሬ ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። አራት ዓመት ቤት ለቤት ዞሬ ይህን መርሳቴ ገረመኝ። ያኔም የሚፈልገኝ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

ዛሬ ከሰዓት ጨመርኩት። ጠዋት ስትወጣ የምትሄድባቸውን ቤቶች በቅደም ተከተል መውጫ መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ከቀትር በፊትና ሥራ ስትጨርስ ትደውላለች። ከ11 ሰዓት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልደወለች የቅርብ ኃላፊዋ በመጨረሻው ቤት በኩል ይፈልጋታል። የማያስተማምን ቤት ሲሆን የመቅረት መብት አላት፤ እንደ ቀረ ሥራ አይቆጠርባትም።

አስተዳዳሪያችን ይህን ሲያነብ "የቅርብ ኃላፊዋ ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ተጠሪነት በሚለው ባዶ ቦታ ላይ የራሴን የሥራ መደብ ጻፍኩና ሰጠሁት።