በዳር የተቆለለው ደለል

በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ የጎርፍ ማፋሰሻ ጥገና ተቆጣጣሪ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ በሐምሌ ወር ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ዝናብ ጥሎ የአንድ ሰፈር ሱቆችን ጎርፍ አስገባባቸው። ይበልጥ የከነከነኝ፣ ያንን ቦይ ነዋሪዎቹ ከሦስት ሳምንት በፊት በዘመቻ ሲጠርጉት ሥራውን የመራሁት እኔው መሆኔ ነበር።

መንገዱን የሚያቋርጠው ቱቦ ጠቦ ነው ብዬ በትልቅ ይቀየር የሚል ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። የሰፈሩ ጥበቃ ግን «ልጄ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አይተኸዋል?» አሉኝ። ሄጄ ሳይ፣ ከላይ ያለው ቦይ ሞልቶ እየፈሰሰ ከታች በኩል የሚወርደው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ችግሩ የቱቦው መጥበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሃው በታችኛው አፍ በኩል ሞልቶ በኃይል ይወጣ ነበር፤ ላይ ሞልቶ ታች ሲጎድል መካከሉ ተዘግቷል ማለት ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ሲከፈት፣ በ60 ሳንቲ ሜትሩ ቱቦ ውስጥ አቋርጦ ያለፈ የመጠጥ ውሃ መስመር ተገኘ። በእሱ ላይ ፌስታል ተጠምጥሞ፣ ፌስታሉ ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙሱንና የጫት ገረባውን ይዞ ነበር። ቆሻሻው መጀመሪያ ውሃውን የሚያዘገየው ብቻ ነው፤ የዘገየ ውሃ ግን የተሸከመውን አፈር ስለሚያራግፍ ከበስተጀርባው ደለል ይቆለላል። ያ ደለል ከየት መጣ ቢባል፣ አብዛኛው በዘመቻው ዕለት እኛው አውጥተን መኪና እስኪመጣ በቦዩ ዳር የቆለልነው ነበር። መኪናው ሳይመጣ ዝናቡ ቀደመና መልሶ ከተተው። እኔም ብሆን ለዓይን የሚታየውን ክፍት ቦይ አስጠርጌ ቱቦውን ሳላይ ነው የፈረምሁት።

በቀጣዩ ዓመት ከእድሩ ጋር ተቀምጠን ሥራው በግንቦት አጋማሽ እንዲጀመር አደረግን። የጭነት መኪናው ቀን ሳይረጋገጥ አካፋ አይነሣም፤ የወጣውም በዕለቱ ይጫናል። ጠረጋው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ከተጀመረ የሚለቀቀው ቆሻሻ ታች ሄዶ ይወተፋል። ቦዩን ለየመንደሩ ከፋፍለን፣ በክረምቱ በየሳምንቱ ቅዳሜና ከከባድ ዝናብ በኋላ ፍርግርጎቹን የሚያዩ ሁለት ሁለት ሰዎች መደብን። እነሱም የደለሉን ውፍረት በእንጨት ይለካሉ፤ የቦዩን ጥልቀት ሩብ ከያዘ የመንደሩ ሰው ይጠራል። ወደ ቱቦና ወደ ጥልቅ ማንሆል መግባት ግን ለነዋሪ አልተፈቀደም፤ አየሩ ሊገድል ስለሚችል እሱ የወረዳው ባለሙያዎች ሥራ ሆኖ ቀረ።

የገረባው ነገር እስካሁን አልተፈታም፤ ሻጮቹ ጆንያ ቢሰጣቸውም ማታ ማታ ቦዩ ውስጥ መገኘቱ አልቀረም። የውሃ መስመሩም ከቱቦው ስላልወጣ፣ ያ ማቋረጫ በእድሩ መዝገብ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ተጽፎ በየሳምንቱ ከሁሉ በፊት የሚታየው እሱ ነው።